«ፓጉሜ»ን «ጳጉሜ» ማድረግ፦ ፎንቱ የጠፋበትን ፒዲኤፍ ስለማረም

አንድ የሥልጠና ማዕከል የምዝገባ ማስታወቂያ አዘጋጀ እንበል። ጽሑፉ ከዓመታት በፊት በተገዛ ኮምፒውተር ላይ፣ ኒያላ በሚባለው ፎንት፣ በወርድ ተጽፎ ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሯል። ማስታወቂያው ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል አንዱ አንባቢ ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ያርፋል፦ «የምዝገባ ማመልከቻ የሚቀርበው ከነሐሴ 20 እስከ ፓጉሜ 3 ቀን ድረስ»። በ«ጳ» ምትክ «ፓ» ገብቷል። የወርዱ ፋይል ደግሞ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ሄዷል፤ በእጅ ያለው ፒዲኤፉ ብቻ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ፋይሉን በአዲሱ ኮምፒውተር አክሮባት ላይ ከፍቶ `Edit PDF` ማለት፣ «ፓ»ን ማጥፋት፣ «ጳ»ን መጻፍ። ይህን ያደረገ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል። ወይ አዲሷ «ጳ» ከጎረቤቶቿ ወፍራ፣ ከሌላ ጽሑፍ ተቆርጣ የተለጠፈች መስላ ትታያለች። ወይ ቃሉ ከቀጥሎው ቁጥር ጋር ይጣበቅና «ጳጉሜ3» ይሆናል። ወይ ደግሞ መስመሩ በሙሉ መልኩን ይቀይርና የመጨረሻው ቃል ከኅዳጉ አልፎ ይወጣል። አንዲት ፊደል ለማረም ተነስቶ ገጽ ማበላሸት ማለት ይህ ነው።

ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አይደለም። ፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍ እንዴት እንደሚቀመጥ ያወቀ ሰው ችግሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል፤ መፍትሔውንም በቅደም ተከተል ይሄድበታል።

ገጹ ላይ ያለው ቃል ሳይሆን ቦታ ነው

አዶቤ የተባለው ድርጅት ፒዲኤፍን በ1993 ለገበያ ሲያቀርብ ዓላማው አንድ ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ነበር። በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። መልኩ እንዳይለወጥ የተመረጠው መንገድ ግን ለአራሚ የሚመች አይደለም። ወርድ አንድን ጽሑፍ «ይህ አንቀጽ ነው፣ እስከ ኅዳጉ ድረስ ሙላው» ብሎ ይይዘዋል። ፒዲኤፍ ግን «ከገጹ ግራ ጠርዝ 270፣ ከታችኛው ጠርዝ 540 ፖይንት ላይ ይህን ቅርጽ ሳል» ነው የሚለው። አንድ ፖይንት የኢንች 1/72ኛ፣ በሚሊ ሜትር 0.35 አካባቢ ነው። አብዛኞቹ ፒዲኤፎች አንቀጽ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ መስመሩ እስከየት መሙላት እንዳለበት አይመዘግቡም። አራሚ ፕሮግራሞች አንቀጽ ብለው በሳጥን የሚያጥሩት ነገር በአብዛኛው ከቅርጾቹ መቀራረብ ተነስተው የገመቱት ነው።

ስለዚህ «ፓ» በሌላ ስፋት ባላት ፊደል ስትተካ ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ተገፍቶ ቦታ ይለቅላት አይለቅላት የሚወሰነው ፋይሉ በተጻፈበት መንገድ ነው። «ጳጉሜ» እና «3» በአንድ ትእዛዝ ሥር ከተጻፉ «3» ትገፋለች። «3» ለብቻዋ የራሷ ቦታ ተሰጥቷት ከሆነ ግን ከዚያ ንቅንቅ አትልም፤ የሰፋው ቃል ይመጣና ይደርስባታል።

በቁጥር እንየው። የፊደል ስፋት በፎንቱ ውስጥ የሚለካው በፊደሉ መጠን አንድ ሺሕኛ ነው። ለምሳሌ ያህል በኛ ፎንት «ፓ» 620፣ «ጉ» 600፣ «ሜ» 640 ነው እንበል። ድምሩ 1860 ይሆናል፤ በ12 ፖይንት ሲጻፍ 22.32 ፖይንት ማለት ነው። ቃሉ 270 ላይ ከጀመረ 292.32 ላይ ያበቃል፤ የ3 ፖይንት ክፍተት ይከተልና «3» 295.32 ላይ ትቆማለች። አሁን ከሌላ ፎንት የመጣች 760 ስፋት ያላት «ጳ» በ«ፓ» ቦታ ገባች። ቃሉ 24 ፖይንት ሆነ፤ 294 ላይ አበቃ። «3» ካለችበት ስላልተነሳች በመካከል የቀረው ክፍተት 1.32 ፖይንት ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች። ዓይን «ጳጉሜ3» ብሎ የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአማርኛ ችግሩ ለምን ይብሳል?

ፒዲኤፍ የሚፈልገውን ፎንት በውስጡ ይዞ ይጓዛል። ፋይሉ እንዳይከብድ ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ፎንት አይዝም፤ ሰነዱ ውስጥ የታዩትን ፊደላት ብቻ ለቅሞ ይወስዳል። በብረት ፊደል ዘመን ፊደል ለቃሚው ለዚያ ገጽ የሚበቃውን ብቻ በትሪ አውጥቶ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ እንደሄደ ቁጠሩት። ትሪው ላይ «ጳ» ከሌለ፣ ስሙ «ኒያላ» የሆነ ፎንት ፋይሉ ውስጥ ቢኖርም «ጳ»ን መጻፍ አይቻልም።

በእንግሊዝኛ ሰነድ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ፊደላቱ 26 ናቸው፤ አንድ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ትንንሽ ፊደላት ይጠቀማል። የኛ ግን 33ቱ በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ቋ»፣ «ሏ» እና «ኳ» ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ከእነዚህ ብዙዎቹን ሳይነካ ያልፋል። የሚያስፈልገው «ሰ» ወይም «ን» ቢሆን ኖሮ ፋይሉ ውስጥ መገኘቱ አያጠራጥርም ነበር። «ጳ»፣ «ጿ» ወይም «ዤ» ከሆነ ግን ላይኖር እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ ቢኖርም እንኳ አክሮባትን የመሰሉ ፕሮግራሞች አዲስ ፊደል ለመጻፍ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጫን ይፈልጋሉ። ካልተጫነ ከስርዓቱ ሌላ ፎንት ያመጣሉ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ከተጨማሪ ፎንቶች ጎራ ተመድቦ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አይገኝም። በቦታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። ኒያላ በብዕር የተጻፈ ይመስል መስመሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ የኤብሪማ መስመር ግን ወጥ ውፍረት አለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ አይደበቅም።

ከመንካት በፊት፦ የትኛው ፎንት? ፊደሏስ አለች?

መጀመሪያ የዋናውን ፋይል ቅጂ አስቀምጡ፤ ሥራው በቅጂው ላይ ይሁን። ቀጥሎ ፎንቱን መለየት ነው። በአክሮባት ሪደር `Ctrl+D` ተጭኖ `Fonts` የሚለውን ገጽ ማየት ይበቃል። ከፎንቱ ስም ጎን `Embedded Subset` የሚል ካለ ፎንቱ ተለቃቅሞ ነው የገባው። `Embedded` ብቻ ካለ ሙሉው አለ። ሁለቱም ከሌሉ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ የለም፤ ዛሬ የምታዩት መልክም ኮምፒውተራችሁ በግምት ያመጣው ምትክ ሊሆን ይችላል።

በትእዛዝ መስመር መሥራት የለመደ ሰው `pdffonts` በሚባለው ነፃ መሣሪያ ይበልጥ ግልጽ መልስ ያገኛል፦

```
$ pdffonts notice.pdf
name          type          encoding    emb sub uni
BCDEEE+Nyala  CID TrueType  Identity-H  yes yes yes
```

ከስሙ በፊት ያሉት ስድስት ፊደላትና የመደመር ምልክቱ የተለቃቀመ ፎንት መታወቂያ ናቸው። `emb` ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ መኖሩን፣ `sub` መለቃቀሙን፣ `uni` ደግሞ ቅርጾቹ ከዩኒኮድ ፊደላት ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ እንዳላቸው ይነግራሉ። የመጨረሻው `no` ከሆነ ጽሑፉን መፈለግም ሆነ መቅዳት አስተማማኝ አይሆንም።

ቀጥሎ ፊደሏ መኖር አለመኖሯን ማጣራት ነው። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ፒዲኤፉ ውስጥ `Ctrl+F` ብሎ «ጳ»ን መፈለግ ይበቃል። ሰነዱ ውስጥ «ጳውሎስ» የሚል ስም ካለ ዕድለኛ ናችሁ፤ «ጴጥሮስ» ካለ ግን አይጠቅማችሁም፤ «ጴ» ሌላ ቅርጽ ናት። የተገኘችውም ከምታርሙት መስመር ጋር አንድ ፎንት መሆን አለባት። ደማቁ ርዕስ በራሱ ፎንት ስለሚቀመጥ እዚያ ያለች «ጳ» ለቀጭኑ ጽሑፍ አትሆንም።

አንደኛው መንገድ፦ ፎንቱን ማምጣት

ከሁሉም ንጹሕ የሆነው ትክክለኛውን ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ነው። ኒያላ ከሆነ በዊንዶውስ 10 እና 11 `Settings` ውስጥ `Optional features` ብሎ ፈልጎ `Ethiopic Supplemental Fonts` የሚለውን መጨመር ይበቃል። ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ከሆነ በነፃ ፈቃድ የሚሰራጩ ስለሆኑ አውርዶ መጫን ይቻላል። ከዚያ አራሚው ፕሮግራም ተዘግቶ እንደገና ይከፈት፤ ብዙዎቹ ፎንቶችን የሚያነቡት ሲነሱ ነው።

አሁን «ፓ»ን አጥፍታችሁ «ጳ» ስትጽፉ ፊደሏ ከቤተሰቧ ትመጣለች። የቦታው ጉዳይ ግን ገና አልተዘጋም። የዚህ ፎንት «ጳ» ስፋቷ 700 ከሆነ ቃሉ 23.28 ፖይንት ይሆናል፤ ከቀድሞው 0.96 ፖይንት ይበልጣል። «3» ካልተነቃነቀች በመካከል 2.04 ፖይንት ይቀራል። ያ ክፍተት በመስመሩ ካሉት ሌሎች ክፍተቶች አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ይታወቃል።

መፍትሔው ትርፉን ለሁሉም ማካፈል ነው። መስመሩ ዐሥር ቃላት አሉት፤ ስለዚህ ዘጠኝ ክፍተቶች። 0.96 ለዘጠኝ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.11 ፖይንት አካባቢ ይደርሳል፤ ይህን ያህል መጥበብ በዓይን አይለይም። በአክሮባት መስመሩን መርጦ የፊደላት ክፍተትን በጥቂቱ ማሳነስም ወደዚያው ያደርሳል። የመጨረሻውን ቃል ጠርዝ ከላይና ከታች ካሉት መስመሮች ጋር እያስተያዩ መቀነስ ነው።

ስሙ አንድ የሆነ ፎንት ሁሉ ግን አንድ እትም ላይሆን ይችላል። እንደ ኖቶ ያሉት በየጊዜው ይታደሳሉ። ፎንቱን ከጫናችሁ በኋላ አንድ ፊደል ስትነኩ ሌሎቹም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ እትሞቹ ይለያያሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ፋይሉ ውስጥ ያለችውን ፊደል መዋስ

ፎንቱ ባይገኝም «ጳ» በሌላ መስመር ላይ በዚያው ፎንት ካለች የአራሚውን ፕሮግራም ግምት ወደ ጎን ትቶ ፋይሉን ራሱን ማረም ይቻላል። `qpdf` የተባለው ነፃ መሣሪያ የታጨቀውን ፋይል በጽሑፍ አራሚ ሊነበብ የሚችል አድርጎ ይዘረጋል፦

```
qpdf --qdf --object-streams=disable notice.pdf open.pdf
```

በተዘረጋው ፋይል ውስጥ መስመራችን እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ይታያል፦

```
BT
/F1 12 Tf
270 540 Td
[<0A31 0A12 0A05> -250 <0016>] TJ
ET
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ `F1` የተባለውን ፎንት በ12 ፖይንት ይመርጣል፤ ሁለተኛው ቦታውን ይሰጣል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉት አራት አራት አኃዞች የፊደላቱ ቁጥሮች ናቸው፤ እዚህ ያሉት ለምሳሌ የተሰጡ ሲሆን የመጀመሪያው «ፓ» ነው። `-250` ደግሞ ክፍተቱ ነው፤ 250 ሺሕኛ በ12 ሲባዛ 3 ፖይንት። እዚህ ላይ ያልለመደውን ሰው የሚያሳስት ነገር አለ፦ ቁጥሩ አሉታዊ ሲሆን ክፍተቱ ይሰፋል፣ አዎንታዊ ሲሆን ይጠባል።

ሥራው «ጳውሎስ» የተጻፈበትን መስመር ፈልጎ የ«ጳ»ን ቁጥር መውሰድና በ`0A31` ቦታ ማስገባት ነው። ሁለቱም መስመሮች `F1`ን የሚጠሩ መሆናቸውን አረጋግጡ። አዲሷ ፊደል በ80 ሺሕኛ ስለምትሰፋ «3»ን በቦታዋ ለማቆየት `-250`ን `-170` ማድረግ ይቻላል፤ ያ ግን አንዱን ክፍተት ብቻ ያጠባል። ሙሉው መስመር በአንድ ትእዛዝ ሥር ከሆነ ዘጠኙንም ክፍተቶች ከ`-250` ወደ `-241` ማውረድ ይሻላል። ሲያልቅ `fix-qdf` የሚባለው አጋር መሣሪያ የፋይሉን የውስጥ ማውጫ ያስተካክላል፦

```
fix-qdf open.pdf > final.pdf
```

ፋይሉ ውስጥ የሌለችን ፊደል ቁጥር በግምት ማስገባት ግን ዋጋ የለውም። ባዶ ቦታ፣ ባዶ ሳጥን ወይም ሌላ ፊደል ይወጣል።

ሦስተኛው መንገድ፦ መስመሩን በሙሉ መተካት

ፎንቱም አልተገኘም፣ ፊደሏም ፋይሉ ውስጥ የለችም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት አንዲቷን ፊደል ብቻ ከሌላ ፎንት ማምጣት ነው። ዓይን በአንድ ቃል ውስጥ የቆመችን እንግዳ ፊደል ወዲያው ይይዛል፤ መስመሩ በሙሉ ተቀራራቢ በሆነ ፎንት ከተጻፈ ግን ብዙ አንባቢ ሳያስተውል ያልፋል። ስለዚህ መስመሩ በሙሉ ይተካ፤ የሁለት መስመር አንቀጽ ከሆነም አንቀጹ በሙሉ።

ምትኩ ሲመረጥ ስሙን ሳይሆን ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ፦ የመስመሩን ውፍረት፣ የፊደሉን ቁመት፣ የፊደላቱን ስፋት። ኒያላን የመሰለ ወፍራምና ቀጭን መስመር ላለው ጽሑፍ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይቀርባሉ፤ ኤብሪማና ኖቶ ሰንስ ይርቃሉ። በሁለት ፎንቶች በ12 ፖይንት የተጻፈ ፊደል እኩል ቁመት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ መጠኑን በቁጥሩ ሳይሆን ከአጎራባች መስመር «ለ» ወይም «በ» ጋር በማስተያየት አስተካክሉ።

ከዚያ ርዝመቱ ይመጣል። የቀድሞው መስመር 280 ፖይንት ነበር፤ በምትኩ ፎንት በ12 ሲጻፍ 294 ሆነ እንበል። ትርፉ 14 ፖይንት ነው። መስመሩ ከነክፍተቶቹ 43 ምልክቶች ስላሉት በመካከላቸው 42 ቦታ አለ። ትርፉን በፊደላት መጠጋት ብቻ ለመዋጥ ከእያንዳንዱ ቦታ 0.33 ፖይንት መቀነስ ይጠይቃል፤ ያ በአማርኛ ፊደላት ላይ ይታያል፣ የ«ጠ» እና የ«ጨ» እግሮች ከጎረቤት ጋር መነካካት ይጀምራሉ። የፊደሉን የጎን ስፋት ወደ 95 በመቶ ማጥበብም የቋሚ መስመሮቹን ውፍረት ስለሚቀንስ መስመሩን የሳሳ ያስመስለዋል።

የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው። መጠኑን ከ12 ወደ 11.6 ስታወርዱ ርዝመቱ 284.2 ይሆናል። የቀረው 4.2 ፖይንት ለ42 ሲካፈል 0.1 ፖይንት ብቻ ነው። የመጠኑም የመጠጋቱም ለውጥ ለየብቻው ትንሽ ስለሆነ ተራ አንባቢ አያገኘውም። አክሮባት ውስጥ የፊደል መጠን፣ የፊደላት ክፍተትና የጎን ስፋት በ`Edit PDF` መስኮት በቁጥር የሚሞሉ ናቸው፤ በመዳፊት እየጎተቱ ከመገመት ቁጥሩን መጻፍ ይሻላል።

የምትጠቀሙበት ነፃ መሣሪያ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሊብሬኦፊስ ድሮው ፒዲኤፍን ሲከፍት ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ አንዱን መስመር ብቻ ሳይሆን ገጹን በሙሉ በምትክ ፎንት ሊጽፈው ይችላል። ኢንክስኬፕ ደግሞ ሲከፍት ጽሑፉን ወደ ሥዕል እንዲቀይር ማዘዝ ይቻላል፤ የገጹ መልክ ሳይናወጥ ይቀራል። ፊደላቱ ግን ሥዕል ብቻ ይሆናሉ፤ መፈለግም መቅዳትም አይቻልም። ለማተሚያ ቤት ብቻ ለሚሄድ ገጽ ይበቃል፤ በቴሌግራም ለሚላክና ሰዎች ለሚፈልጉበት ሰነድ አይሆንም።

ነጭ ሳጥን እርማት አይደለም

በየቢሮው የተለመደ አቋራጭ አለ፦ ስሕተቱ ላይ ነጭ ሳጥን ማሳረፍና በላዩ አዲስ ጽሑፍ መጻፍ። ለማተም ያገለግላል፤ ነገር ግን «ፓጉሜ» ከሥር አለች። `Ctrl+F` ብሎ የሚፈልግ ያገኛታል፤ መስመሩን የሚቀዳ ሁለቱንም ይለጥፋል፤ ለማየት ለተሳናቸው የሚያነብ ፕሮግራም አሮጌውን ሊያነብ ይችላል። ስሕተቱ የፊደል ሳይሆን የገንዘብ መጠን ወይም የሰው የግል መረጃ ቢሆን ደግሞ መዘዙ ይከብዳል። አክሮባት ፕሮ ውስጥ ያለው `Redact` የተመረጠውን ጽሑፍ ከፋይሉ ያጠፋዋል፤ መሸፈን የግድ ከሆነ መጀመሪያ በዚያ ማጥፋት፣ ከዚያ በቦታው መጻፍ ነው።

ዩኒኮድ ያልሆኑ የድሮ ፎንቶች

ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ የአማርኛ ፎንቶች የኛን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በእነዚያ ፎንቶች ከተሠራ ፒዲኤፍ አንድ ቃል ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ስትለጥፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ይወጣል። ይህ መልካም መመርመሪያ ነው። እንዲህ ከሆነ `Ctrl+F` «ጳ»ን ባያገኛት የለችም ማለት አይደለም፤ በዩኒኮድ ኪቦርድ «ጳ» ብትጽፉም ፎንቱ አያውቃትም።

ከዚህም በላይ 256 ቦታ ብቻ ባለው አሠራር ሁሉንም ፊደል ማስገባት ስለማይቻል አንዳንዶቹ ፊደላቱን በሁለት ፎንት ከፍለዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው እየገጣጠሙ ይሠሩታል። አንድ ፊደል አጠፋሁ ስትሉ ቅጥያው ብቻ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ባለ ሰነድ ላይ ፊደል ማረም ከመታገል መስመሩን በሙሉ በዩኒኮድ ፎንት እንደገና መጻፍ ያሳጥራል።

ሲያልቅ የሚደረግ ምርመራ

የታረመውን ፋይል ከዋናው ጎን ከፍታችሁ ሁለቱንም በ400 በመቶ አስተያዩ። የምትመለከቱት የታረመውን ቃል ብቻ አይደለም፤ የመስመሩን መጨረሻ፣ ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮች፣ በተለይም «።» እና «፣» ከቦታቸው እንዳልተነቃነቁ ነው። ቀጥሎ በፍለጋ «ፓጉሜ»ን ፈልጉ፤ መገኘት የለበትም። «ጳጉሜ»ን ፈልጉ፤ መገኘት አለበት። መስመሩን ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ፤ ቃላቱ በቅደም ተከተላቸውና ተለያይተው መምጣት አለባቸው። የፎንቶቹን ዝርዝር እንደገና ክፈቱና አዲሱ ፎንት `Embedded` መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ በእናንተ ኮምፒውተር ያማረው ማተሚያ ቤቱ ጋ ሌላ መልክ ይይዛል። በመጨረሻ ፋይሉን ፎንቱ ያልተጫነበት ስልክ ላይ ክፈቱት፤ እዚያም መልኩ ካልተለወጠ ፎንቱ በትክክል ገብቷል።

መቼ ነው የሚተወው?

በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ፒዲኤፍ አንዲት ፊደል ቢነካ ፕሮግራሙ ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ተለውጧል ብሎ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ማረም ያለበት ያወጣው አካል ነው፤ አርሞ እንደገና ይፈርማል። ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ያለ ስሕተትም፣ ፊርማ ባይኖረው እንኳ፣ ተቀባዩ በእጁ የሚያስተካክለው አይደለም። ላኪው ተጠይቆ የታረመ ቅጂ ይላክ።

የራሳችሁ ሰነድ ከሆነ ደግሞ የስሕተቶቹን ብዛት ቁጠሩ። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከሆነ ከላይ ባሉት መንገዶች ይሄዳል። በየአንቀጹ እርማት ካለ፣ ወይም የሚጨመረው ቃል መስመሩን ወደ ቀጣዩ የሚያሻግር ከሆነ፣ ፒዲኤፉ ለዚያ አልተሠራም። ጽሑፉን ቀድቶ ወርድ ላይ እንደገና ማቀናበር በጊዜም በጥራትም ይሻላል። ያኔ የወርዱን ፋይል ከፒዲኤፉ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ፎንቱ በነፃ የሚሰራጭ ከሆነም የፎንቱን ፋይል እዚያው ጨምሩ። ቀጣዩ አራሚ ከሦስቱ መንገዶች አንዱም አያስፈልገውም።